ፈጣን ኔትወርክ መግዛት ያዋጣል? የአራት ኤዲተሮች ሒሳብ

እሑድ የተቀረጸ ሠርግ ሰኞ ጠዋት ስቱዲዮ ይደርሳል። አንዱ ኤዲተር ሜሞሪ ካርዶቹን ወደ ሰርቨሩ ይገለብጣል። ሁለቱ ባለፈው ሳምንት የገባውን ፉቴጅ ከዚያው ሰርቨር ላይ እየከፈቱ ይቆርጣሉ። አራተኛው ነገ ለደንበኛ የሚደርስ ማስታወቂያ ይዟል። ረፋዱ ላይ ቪዲዮው መቆራረጥ ይጀምራል፤ ድምፁ ሲቀጥል ምስሉ ቆሞ ይቀራል። በመጨረሻ አንዱ "ችግሩ ኔትወርኩ ነው፤ ወደ አሥር ጊጋ መቀየር አለብን" ይላል።

ሐሳቡ ስህተት ነው ማለት አይቻልም፤ ግን ሳይለኩ የሚገዙበት ዕቃም አይደለም። ለአራት ኮምፒውተር አራት ፈጣን ካርድ፣ አንድ ፈጣን ስዊችና አዲስ ኬብል መግዛት ከባድ ወጪ ነው። ወጪው ወጥቶ ቪዲዮው እንደበፊቱ ሊቆራረጥ ይችላል፤ ምክንያቱም የሚያንቀው ቦታ ሌላ ሊሆን ይችላል። በካሜራ የተጨመቀ ፉቴጅ የሚቆርጥ ትንሽ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ፈጣን መስመር የሚያስፈልገው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ይኸውም በሰርቨሩና በስዊቹ መካከል። ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው።

ቢትና ባይት

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ግራ መጋባት እናጥራ። የኔትወርክ ፍጥነት የሚነገረው በቢት ነው፤ የፋይል መጠን የሚነገረው ግን በባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ የኔትወርኩን ቁጥር ለስምንት ስናካፍል የምናውቀውን መጠን እናገኛለን። ዛሬ በአብዛኛው ቢሮ ያለው ኔትወርክ አንድ ጊጋቢት ነው። በወረቀት ላይ ይህ በሰከንድ 125 ሜጋባይት ይሆናል፤ መንገድ ላይ የሚባክነው ተቀንሶ በተግባር የሚገኘው ወደ 110 ሜጋባይት ነው።

ቀጥሎ ያለው ደረጃ 2.5 ጊጋቢት ነው። በተግባር በሰከንድ ወደ 280 ሜጋባይት ያመላልሳል። አሥር ጊጋቢት ደግሞ ወደ 1,100 ሜጋባይት ያደርሳል። የ2.5ቱ ደረጃ የጸደቀው በ2016 ሲሆን፣ ከአሥሩ ደረጃ ዘግይቶ የመጣው ሆን ተብሎ ነው። ዓላማው በየሕንፃው ግድግዳ ውስጥ አስቀድሞ የተዘረጋውን ካት ፋይቭ ኢ ኬብል ሳይነቅሉ ፍጥነት ማሳደግ ነበር። አሥር ጊጋ በመዳብ ኬብል መቶ ሜትር ለመጓዝ ካት ሲክስ ኤ ይፈልጋል፤ 2.5 ጊጋ ግን ያንኑ ርቀት በአሮጌው ኬብል ይሄዳል።

አንድ የሥራ ቀን በቁጥር

እንግዲህ ያንን ስቱዲዮ እንውሰድ። ሦስት ካሜራ አለ፤ ሁሉም በፎርኬ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ በ100 ሜጋቢት ይቀርጻሉ። ይህ በብዙ የሶኒ ካሜራዎች ላይ የተለመደ ምርጫ ነው። 100 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ነው፤ አንድ ሰዓት ቀረጻ 45 ጊጋባይት ይሆናል። ሦስቱም ካሜራዎች በሠርጉ ዕለት እያንዳንዳቸው አራት ሰዓት ከቀረጹ፣ ሰኞ ጠዋት 540 ጊጋባይት ወደ ሰርቨሩ ይገባል።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊጋ መስመር ሲገለበጥ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በ2.5 ጊጋ ግማሽ ሰዓት፣ በአሥር ጊጋ ደግሞ ስምንት ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ቁጥሩን እዚህ ላይ ብንተወው ማንም አሥሩን ይገዛል። ነገር ግን ፉቴጁ የሚነሣው ከሜሞሪ ካርድ ነው። ዩኤችኤስ ዋን የሚባለው የተለመደው ኤስዲ ካርድ ሲነበብ በሰከንድ 90 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚሰጠው። ካርዶቹን በአንድ ሪደር እየቀያየረ የሚገለብጥ ሰው፣ አንድ ጊጋም ይኑረው አሥር ጊጋ፣ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ መቀመጡ አይቀርም። ለእሱ የሚጠቅመው ፈጣን ካርድና ፈጣን ሪደር ነው፤ አለዚያም ሦስቱን ካርዶች በሦስት ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ መገልበጥ ነው።

አሁን ወደ መቁረጡ እንሂድ። ኤዲተሩ ሦስቱን ካሜራዎች ጎን ለጎን ከፍቶ በመልቲካም ሲሠራ፣ ሦስት ጊዜ 12.5፣ ማለትም በሰከንድ 37.5 ሜጋባይት ይጎትታል። የእሱ የአንድ ጊጋ መስመር 110 ይችላል፤ ስለዚህ ገና ሲሶው ላይ ነው። የእሱን ካርድ ወደ አሥር ጊጋ ብንቀይርለት ቪዲዮው ከ37.5 በላይ ስለማይጠይቅ ምንም አይጨምርለትም።

አራቱም እንዲህ ሲሠሩ ግን ድምሩ 150 ሜጋባይት ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚወጣው ከሰርቨሩ ወደ ስዊቹ በሚሄደው በአንዱ መስመር ነው፤ እሱም 110 ላይ ያበቃል። ከአንድ ሮቶ አራት ክፍል ውሃ ሲሄድ፣ የየክፍሉ ቧንቧ ቢሰፋም ከሮቶው የሚወጣው ቧንቧ ቀጭን ከሆነ ውሃው አይበረታም። የስቱዲዮውም ነገር እንዲሁ ነው። የአራቱ ኤዲተሮች መስመር በቂ ሆኖ ሳለ፣ የጋራው መስመር ሞልቷል። አንዱ ሰው ብቻውን ማታ ሲሠራ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ፣ ረፋድ ላይ ሁሉም ሲገቡ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። ይህ ምልክት ራሱ ጥሩ መረጃ ነው፤ ችግሩ ከሰው ብዛት ጋር የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ የጋራውን መስመር ወይም የጋራውን ዲስክ መጠርጠር ይገባል።

ኔትወርክ የሚመስሉ ሌሎች ችግሮች

ከመግዛት በፊት መመርመር ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። የተጨመቀ ቪዲዮ ፋይሉ ትንሽ የሆነው በብዙ ስሌት ተጨምቆ ስለሆነ፣ ሲከፈትም ያንኑ ያህል ስሌት ይጠይቃል። በተለይ ኤች 265 በሚባለው መንገድ፣ በ10 ቢትና በ4:2:2 ቀለም የተቀረጸ ፉቴጅ ብዙ ግራፊክስ ካርዶች በሃርድዌር ስለማይፈቱት ማሽኑን ያስጨንቃል። ማወቂያው ቀላል ነው። የሚቆራረጠውን ክሊፕ ወደ ራሱ ኮምፒውተር ኤስኤስዲ ገልብጦ ከዚያ ማጫወት ነው። እዚያም ከተቆራረጠ ኔትወርኩ ንጹሕ ነው፤ ካርድና ስዊች መግዛት አንዳች አይለውጥም።

ሁለተኛው የሰርቨሩ ዲስክ ነው። አንድ ተራ ሃርድ ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ ገና ባዶ እያለ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ገደማ ሊሰጥ ይችላል፤ እየሞላ ሲሄድ ግን ወደ መሃል ባሉት ክቦች ላይ ስለሚሠራ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ነው። አራት ኤዲተር ሦስት ሦስት ካሜራ ሲከፍቱ ዲስኩ አሥራ ሁለት ቦታ እየዘለለ ማንበብ አለበት። ጭንቅላቱ ከቦታ ቦታ ሲመላለስ የሚያጠፋው ጊዜ ከሚያነብበት ጊዜ ይበልጣል። እንዲህ ላለ ሥራ ቢያንስ አራት ዲስኮች በሬይድ ተጣምረው ሸክሙን መካፈል አለባቸው፤ ወይም በእጅ ያለው ሥራ በኤስኤስዲ ላይ መቀመጥ አለበት። አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰክቶ "ሰርቨር" ያደረገ ቤት አሥር ጊጋ ቢገዛ ገንዘቡን በሌለ ፍጥነት ላይ አፍስሷል።

ሦስተኛው ኬብሉ ነው። አንድ ጊጋ የሚሠራው በኬብሉ ውስጥ ያሉት አራቱም ጥንድ ሽቦዎች ደህና ሲሆኑ ነው። አንዱ ጥንድ ከተበጠሰ ወይም ጫፉ በደንብ ካልተመታ፣ ካርዱና ስዊቹ ተስማምተው በሁለት ጥንድ ወደሚሠራው የ100 ሜጋቢት ደረጃ ይወርዳሉ። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ኢሜይሉ ይሄዳል፤ ማንም አያውቅም። ፋይል ግን በሰከንድ 11 ሜጋባይት ብቻ ይገለበጣል። ዊንዶውስ 11 ላይ Settings ውስጥ ገብቶ የEthernetን ገጽ ከፍቶ Link speed የሚለውን ማየት ይበቃል። 1000/1000 ካለ ደህና ነው፤ 100/100 ካለ ኬብሉ ይቀየር። ገበያ ላይ ደግሞ ከላይ መዳብ የተቀባ የአሉሚኒየም ሽቦ ያለው ርካሽ ኬብል አለ። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ሲፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ለፈጣን መስመር እሱን አለመግዛት ነው።

እንዴት ይለካል?

ኔትወርኩን ከዲስኩ ለይቶ የሚለካ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ስሙ iperf3 ነው። በሁለት ማሽን መካከል ባዶ መረጃ ይልካል እንጂ ዲስክ አይነካም። በሰርቨሩ ላይ ይህ ይጻፋል፦

```
iperf3 -s
```

በኤዲተሩ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የሰርቨሩን አድራሻ በመስጠት፦

```
iperf3 -c 192.168.1.10 -R
```

መጨረሻ ላይ ያለው -R መረጃው ከሰርቨሩ ወደ ኤዲተሩ እንዲመጣ ያደርጋል፤ ቪዲዮ ሲከፈት የሚሆነውም ይኸው ነው። ጤናማ የአንድ ጊጋ መስመር ወደ 940 ሜጋቢት ያሳያል። 2.5 ጊጋ ወደ 2.35 ጊጋቢት፣ አሥር ጊጋ ደግሞ 9.4 ጊጋቢት አካባቢ ይሰጣል። ከዚህ በጣም ያነሰ ቁጥር ከመጣ ኬብሉን፣ ካርዱን ወይም ስዊቹን መፈተሽ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ትልቅ ፋይል ከሰርቨሩ መገልበጥ ያስፈልጋል። ፋይሉ ከሰርቨሩ ራም የሚበልጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ትንሽ ከሆነ ሰርቨሩ በራሙ ይዞት ስለሚቆይ በሁለተኛው ሙከራ ዲስኩን ሳይነካ ይልከዋል፤ ቁጥሩም ያታልላል። iperf3 940 እያሳየ ፋይሉ በ50 ሜጋባይት ብቻ ከተገለበጠ፣ ጥፋቱ የዲስኩ ወይም የሰርቨሩ ነው። ፋይሉ በ110 ላይ ተስተካክሎ ከቆመ ግን ዲስኩ ገና ጉልበት አለው፤ የገደበው መስመሩ ነው።

ዋናው ምርመራ የሚደረገው ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ነው። ሁሉም እየሠሩ ሳለ የሰርቨሩን የኔትወርክና የዲስክ መለኪያ ጎን ለጎን ማየት ነው። በዊንዶውስ ላይ Task Manager ውስጥ Performance የሚለው ገጽ ሁለቱንም ያሳያል፤ እንደ ሲኖሎጂ ያሉት የጋራ ማከማቻ ሳጥኖችም የራሳቸው መቆጣጠሪያ ገጽ አላቸው። የኔትወርኩ መስመር ከጣሪያው ጋር ተጣብቆ ዲስኩ ግማሽ ላይ ከዋለ፣ ያን ጊዜ ፈጣን ካርድ መግዛት ትክክል ነው። ዲስኩ መቶ በመቶ ሆኖ ኔትወርኩ ሲሶ ላይ ከቆመ ገንዘቡ ወደ ዲስክ ይሂድ።

ሲገዛ በምን ቅደም ተከተል?

በእኛ ምሳሌ ሰርቨሩ አራት ዲስክ በሬይድ አለው፤ የጋራው መስመርም እንደሞላ ታይቷል እንበል። መግዛት ያለበት አንድ የአሥር ጊጋ ካርድ ለሰርቨሩ፣ አንድ ስዊችና አንድ አጭር ኬብል ነው። አራቱ ኤዲተሮች ባላቸው የአንድ ጊጋ ካርድ ይቀጥላሉ። ሚክሮቲክን የመሰሉ ኩባንያዎች ስምንት የአንድ ጊጋና ሁለት የአሥር ጊጋ ቀዳዳ ያላቸውን ስዊቾች ይሠራሉ። አሁን ደግሞ ተራ ቀዳዳዎቹ 2.5 ጊጋ የሆኑ፣ አንድ ወይም ሁለት የአሥር ጊጋ ቀዳዳ የተጨመረላቸው ስዊቾችም በገበያ ላይ በብዛት አሉ። ዛሬ ለሚገዛ ሰው ይህኛው ይሻላል። የ2.5 ጊጋ ቀዳዳ የአንድ ጊጋ ካርድ ሲሰካበት ራሱን ዝቅ አድርጎ ስለሚሠራ፣ አሁን ምንም ሳይቀየር ለነገ ቦታ ይኖራል።

እነዚህ የአሥር ጊጋ ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ ኤስኤፍፒ ፕላስ የሚባሉት ናቸው፤ ከተለመደው የኔትወርክ ኬብል ጫፍ የተለየ ቅርጽ አላቸው። ሰርቨሩ ከስዊቹ አጠገብ ከተቀመጠ ዳክ የሚባል፣ ሁለቱም ጫፉ ተገጥሞለት የሚሸጥ የአንድ ወይም የሁለት ሜትር የመዳብ ኬብል ያገናኛቸዋል። ርካሽ ነው፣ አይሞቅም። በዚያ ቀዳዳ ላይ የተለመደውን ኬብል የሚቀበል መለወጫ መሰካት ይቻላል፤ ነገር ግን በአሥር ጊጋ ሲሠራ በጣም ስለሚግል፣ ማራገቢያ በሌለው ትንሽ ስዊች ላይ ብዙ ባይደረደር ጥሩ ነው።

ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይመልከት። ከዳታ ማዕከል የወጡ የአሥር ጊጋ ካርዶች ርካሽ ናቸው፤ የተሠሩት ግን ኃይለኛ ነፋስ ለሚነፍስበት ሰርቨር ነው። በተራ ኮምፒውተር ውስጥ ትንሽ ማራገቢያ ካልተጨመረላቸው ግለው መስመሩ ይቋረጣል። ሌላው የሚሰኩበት ቀዳዳ ነው። ረጅም የፒሲአይ ኤክስፕረስ ቀዳዳ ሁሉ በሙሉ መስመር አይሠራም፤ ብዙ ማዘርቦርድ ላይ ሁለተኛው ረጅም ቀዳዳ ውስጡ አንድ ወይም አራት መስመር ብቻ ነው ያለው። እንደ ኢንቴል ኤክስ 520 ያለ ሁለተኛ ትውልድ ካርድ በአንድ መስመር ብቻ ከሠራ በሰከንድ ከ500 ሜጋባይት አያልፍም። አራት መስመር ካገኘ ግን ለአንድ የአሥር ጊጋ ቀዳዳ ይበቃዋል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የማዘርቦርዱን መመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል።

አንዳንዶች ደግሞ ሰርቨራቸው ሁለት የአንድ ጊጋ ቀዳዳ ስላለው ሁለቱን አጣምረው ሁለት ጊጋ ማግኘት ያስባሉ። ስዊቹ ከፈቀደ ይህ ለብዙ ተጠቃሚ ይረዳል። ግን የተለመደው ማጣመር አንዱን ግንኙነት በአንዱ ኬብል ላይ ስለሚመድብ፣ አንድ ፋይል የሚገለብጥ ሰው አሁንም 110 ብቻ ነው የሚያየው። ሁለት ኤዲተሮች በአንዱ ኬብል ላይ ተደራርበው ሌላው ባዶ ሊውልም ይችላል።

ለኤዲተሩም ፈጣን ካርድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

እስከ አሁን ያልነው ሁሉ በካሜራ ለተጨመቀ ፉቴጅ ነው። ለማስታወቂያና ለፊልም በፕሮሬስ የሚሠራ ቤት ሒሳቡ ይለያል። አፕል ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት፣ ፕሮሬስ 422 ኤችኪው በፎርኬ በ25 ፍሬም 737 ሜጋቢት ይፈልጋል፤ በሰከንድ 92 ሜጋባይት መሆኑ ነው። አንድ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ብቻውን የአንድ ጊጋ መስመርን ሊሞላ ተቃርቧል፤ ሁለት ጎን ለጎን ማጫወት አይታሰብም። ሁለት ከሆኑ 184 ሜጋባይት ስለሚደርሱ 2.5 ጊጋ ይበቃል። ሦስት ሲሆኑ 276 ደርሰው የ2.5ን ጣሪያ ይነካሉ። እዚህ ላይ ለኤዲተሩም አሥር ጊጋ መግዛት ያዋጣል፤ ሰርቨሩም በዚያው ልክ መጠናከር አለበት። ለ2.5 ደረጃ ደግሞ በዩኤስቢ 3 የሚሰካ ትንሽ መለወጫ ስለሚሠራ ኮምፒውተር መክፈት እንኳን አያስፈልግም፤ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ ከፋብሪካው የ2.5 ቀዳዳ ይዘው ይመጣሉ።

ያለ ምንም ግዢ ሊሞከር የሚገባው አንድ መንገድም አለ፤ ፕሮክሲ ነው። ፉቴጁ ሲገባ ለእያንዳንዱ ክሊፕ ቀለል ያለ ቅጂ ይሠራል፤ ኤዲተሩ በዚያ ይቆርጣል፤ በመጨረሻ ፕሮግራሙ ወደ ዋናው ፋይል ይመልሰዋል። ፕሪሚየርም ዳቪንቺ ሪዞልቭም ይህን ያደርጋሉ። ፕሮሬስ ፕሮክሲ በኤችዲ መጠንና በ25 ፍሬም 38 ሜጋቢት ብቻ ነው። የአራቱን ኤዲተሮች አሥራ ሁለት ቪዲዮ ስንደምር 456 ሜጋቢት ይሆናል፤ ያው አሮጌው የአንድ ጊጋ መስመር ከግማሹ ባነሰ ይሸከመዋል። ለማሽኑም ይቀልለዋል፤ ቅድም ያነሣነው የኤች 265 ጭንቀት አብሮ ይፈታል። የሚከፈለው ዋጋ ፕሮክሲው እስኪሠራ የሚወስደው ጊዜና የሚይዘው ቦታ ነው። ማታ ለማሽኑ ትቶ መሄድ የሚችል ቤት ይህ ሊበቃው ይችላል። ማታ መብራት የሚሄድበት ወይም ፉቴጁ በገባ በሰዓቱ መቁረጥ ያለበት ቤት ግን ለፈጣኑ መስመር ምክንያት አለው።

መብራት ካነሣን አይቀር፣ ሰርቨሩና ስዊቹ በዩፒኤስ ላይ ካልሆኑ ከፈጣን ካርድ በፊት እሱ ይገዛ። የኤዲተሩ ኮምፒውተር በዩፒኤስ ቆሞ ስዊቹ ቢጠፋ ፕሮጀክቱ ከፉቴጁ ይቋረጣል፤ ሰርቨሩ እየጻፈ ሳለ ከጠፋ ደግሞ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። የፉቴጁ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ከሌለም እንዲሁ። ሬይድ አንድ ዲስክ ሲሞት ያድናል፤ በስህተት የተሰረዘ ወይም የተሰረቀ ሠርግ ግን አይመልስም።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ቡድን መልሱ ይህ ነው። ዩፒኤስና ሁለተኛ ቅጂ ካለ፣ ኬብሎቹ 1000 ካሳዩ፣ ዲስኩ ገና ጉልበት እያለው የሰርቨሩ መስመር በሥራ ሰዓት ከሞላ፣ አሥር ጊጋ ለሰርቨሩ መግዛት ያዋጣል፤ ስዊቹም የ2.5 ቀዳዳ ያለው ይሁን። የኤዲተሮቹ ካርድ ፕሮሬስ ወይም ከዚያ የከበደ ፉቴጅ እስኪመጣ ድረስ ይቆይ። ከእነዚህ አንዱ ካልተሟላ፣ ገንዘቡ መጀመሪያ የጎደለውን ይሙላ።